ዓይኑ እየደከመ የሚሄድ የመጋዘን ሠራተኛ የሥራ ዘመኑ እንዴት ይታቀዳል

መጋዘን ያላቸው ነጋዴዎች አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ የማይገባቸው ነገር ያጋጥማቸዋል። ለብዙ ዓመታት በታማኝነት ያገለገለ አንድ የግምጃ ቤት ጠባቂ ከመተላለፊያ ላይ ከተቀመጠ ካርቶን ጋር መጋጨት ይጀምራል። ደረጃ ሲወርድ እግሩን ይስታል፤ ከጎኑ ቆሞ ሰላምታ የሰጠውን ደንበኛ እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቢን ካርዱን ሲመለከት በእርሳስ የተጻፈውን ደቃቅ ቁጥር አንድም ሳይሳሳት ያነብባል። ጌታው ነገሩን አይቶ፣ «አንተ ሰው፣ ምነው መጠጥ ጀመርህ እንዴ?» ቢለው፣ «ኧረ የለም ጋሼ፣ የመጋዘኑ መብራት አነሰብኝ እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ግን ነገሩን አላወቁትም።

እንዲህ ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ የሚያሳየው ምልክት ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደሚገባው ሳይወጣ ሲቀር ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። ግፊቱ ከልክ ሳያልፍ ነርቩ የሚጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። በብዙው ዓይነት ሕመም የለውም፤ ዓይንም አይቀላም። ጉዳቱ የሚጀምረው በእይታ ዳርና ዳር ስለሆነ መካከለኛው እይታ እስከ መጨረሻው ገደማ ይቆያል። ሰውየው ደቃቅ ቁጥር እያነበበ ካርቶን የሚረግጠው በዚህ ምክንያት ነው። የታችኛው የእይታ ክፍል ቀድሞ የተጎዳበት ሰው ደረጃውንና ወለል ላይ ያለውን ዕቃ ይስታል፤ የላይኛው የተጎዳበት ደግሞ ከከፍተኛ መደርደሪያ ላይ ወጣ ብሎ በተቀመጠ ዕቃ ራሱን ይመታል።

ስለ ሥራ ከመታሰቡ በፊት በሽታው ምን እንደሆነ በሐኪም ተለይቶ መታወቅ አለበት። በ1998 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶ ብርሃን የሚመለስበት በሽታ ስለሆነ፣ ሞራ የያዘውን ሠራተኛ ሥራ ማስለወጥ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚያስፈልገው ለጥቂት ጊዜ ፈቃድ ብቻ ነው። ግላኮማ ግን የወሰደውን እይታ አይመልስም። መድኃኒቱም ሆነ ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው የቀረውን ለማቆየት ነው። ስለዚህ የሥራ ዘመን ዕቅድ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው፤ ዕቅዱም የሚሠራው እይታው ገና ሳለ እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም።

ነጋዴ ለመኪናው የዕርጅና ቅናሽ ያሰላል። በስንት ዓመት ስንት እንደሚቀንስ ዐውቆ ለሚተካው ያዘጋጃል። የግላኮማ በሽተኛም ተመሳሳይ ስሌት የሚሰጥ አንድ ወረቀት አለው፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ከኪሱ ውስጥ ያጥፈዋል እንጂ አያነበውም። የዓይን ክፍል ባለባቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ሠራተኛው ከአንድ መሣሪያ ፊት ይቀመጥና ብልጭ የሚሉ ትናንሽ መብራቶችን ባየ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ይደረጋል። ይህ የእይታ ስፋት ምርመራ ነው። ውጤቱ ታትሞ ሲወጣ MD በሚሉ ፊደሎች አጠገብ አንድ ቁጥር ይገኛል። የጤነኛ ሰው ቁጥር በዜሮ አካባቢ ነው፤ ጉዳቱ በጨመረ መጠን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሐኪሞች በጠቅላላው እስከ 6 ነጥብ የወረደውን ጀማሪ፣ ከ6 እስከ 12 ያለውን መካከለኛ፣ ከ12 ያለፈውን ከባድ ብለው ይመድቡታል። ወደ 30 ሲጠጋ እይታው አልቋል ማለት ይቻላል።

አንድ ወረቀት ብቻውን የሚናገረው የዛሬውን ነው። ለዕቅድ የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ በዓመት ምን ያህል እንደሚወርድ ማወቅ ነው። በዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሰው በደከመውና እንቅልፍ ባጣ ቀን ሲመረመር ቁጥሩ ይከፋል፤ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰውም ቁልፉን በጊዜው ስለማይጫን ከእውነቱ የከፋ ውጤት ያወጣል። ስለዚህ ሁለት ወረቀት አቀራርቦ መፍረድ አይገባም። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የተደረጉ አምስት ወይም ስድስት ምርመራዎች ሲደረደሩ ግን የመውረዱ ፍጥነት ይታያል። የሁለቱ ዓይኖች ቁጥር ቢለያይ የዕለት ሥራን የሚወስነው በአብዛኛው የተሻለው ዓይን ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይሻላል። የጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የ43 ዓመት የግምጃ ቤት ጠባቂ አለ እንበል። በ40 ዓመቱ የተሻለው ዓይኑ ቁጥር ከዜሮ በታች 5 ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ተመርምሮ አሁን 8 ደርሷል። በዓመት አንድ ነጥብ ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ስለሆነ ገና 17 ዓመት ይቀረዋል። ፍጥነቱ በዚሁ ቢቀጥል በ47 ዓመቱ 12 ላይ ይደርሳል፤ በ55 ዓመቱ 20 ይሆናል፤ በጡረታው ቀን 25 ይሆናል። ይህ ሰው ሳይታቀድለት ቢቀር የሥራ ዘመኑ ከጡረታው በፊት ያልቃል።

ሐኪሙ ሲጠይቀው ግን ሌላ ነገር ይገኛል። ጠብታውን ያደርግ የነበረው ዓይኑ ከከበደው ቀን ብቻ ነው፤ ሕመም ስለማይሰማው መድኃኒቱ የሚሠራ አይመስለውም ነበር። ጠብታውን በየማታው ሳያቋርጥ ቢያደርግና ግፊቱ ወርዶ መውረጃው በዓመት ወደ 0.4 ነጥብ ቢቀንስ፣ በ17 ዓመት ውስጥ የሚጨምርበት 6.8 ብቻ ነው። በጡረታው ቀን ቁጥሩ 14.8 ይሆናል ማለት ነው። ይህም ከባድ ከሚባለው ክፍል ነው፤ ሆኖም ወረቀት ለማንበብ የሚያስችል መካከለኛ እይታ ሊቀረው ይችላል። ሁለቱ ስሌቶች አንድን ሰው የሚመለከቱ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ትንሽ ጠርሙስ ነው። ብልኅ አሠሪና ብልኅ ሠራተኛ ለከፋው እየተዘጋጁ ለተሻለው ይሠራሉ።

ስለ ጠብታው አንዳንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ከሚታዘዙት አንዱ ቲሞሎል ነው፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ ሠራተኛው አስም እንዳለበት ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት። በማታ አንድ ጊዜ የሚደረገው ላታኖፕሮስት ደግሞ በብዙዎቹ ዓይነቶች ጠርሙሱ እስኪከፈት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ ይገባዋል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን በክፍል ውስጥ እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። መድኃኒት የሚያስመጡ ነጋዴዎች ይህን ያውቁታል፤ ከእነርሱ እጅ በወጣ በኋላ ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ላይ የሚደረድር ቸርቻሪ ግን አይጠፋም። ጠብታው ከገበያ ጠፍቶ አንድ ወር ቢቋረጥ ሠራተኛው ምንም አይሰማውም፤ ነርቩ ግን ይጎዳል። ስለዚህ የመጨረሻው ጠርሙስ ሲከፈት የሚቀጥለው መገዛት አለበት።

የዓይኑ ስሌት ከታወቀ በኋላ ሥራው ራሱ ይመዘናል። «ግምጃ ቤት ጠባቂ» የሚለው ስም በውስጡ ብዙ የተለያዩ ሥራዎችን ይይዛል፤ ሁሉም ከዓይን የሚጠይቁት እኩል አይደለም። በመጋዘን ውስጥ መመላለስ፣ መሰላል መውጣት፣ ጭነት ከመኪና ሲወርድ አጠገቡ ቆሞ መቁጠር፣ ይልቁንም መኪና ወይም ፎርክሊፍት መንዳት የዳር እይታን ይፈልጋሉ። ቢን ካርድ መጻፍና የገቢና የወጪ ደረሰኝ ማመሳከር የመካከሉን እይታ ይፈልጋሉ። ከትራንዚተር ጋር መነጋገር፣ ጂቡቲ የደረሰውን ጭነት መከታተል፣ የደንበኞችን ትእዛዝ በስልክ መቀበል፣ የዱቤ ገንዘብ እንዲከፈል ማሳሰብ ደግሞ ዋናው መሣሪያቸው ጆሮ፣ ትዝታና የሰው ዕውቀት ነው።

ይህ ሲታወቅ ዕቅዱ ራሱን ይገልጣል። መንዳት ወዲያውኑ ይቆማል፤ በዚህ ላይ ክርክር ሊኖር አይገባም፤ አደጋው የሚደርሰው በሌላ ሰው ላይ ነውና። መሰላልና ጭነት ማራገፍ ለረዳቱ ይተላለፋሉ። የመዝገቡ ሥራ ከእርሱ ጋር ይቆያል። የስልኩና የክትትሉ ሥራ ከዛሬ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ ይኸውም ዓይኑ ሲደክም አዲስ ሙያ እንዳይጀምር ነው። ሃያ ዓመት በመጋዘን የኖረ ሰው የትኛው ደንበኛ በየትኛው ወር ምን እንደሚፈልግ፣ የትኛው ዕቃ በምን ካርቶን እንደሚመጣና በመንገድ ምን ያህል እንደሚሰበር ያውቃል። ይህን ዕውቀት ከአዲስ ጸሐፊ ማግኘት አይቻልም። ነገር ግን የሚሸጋገረው ሥራ እውነተኛ ሥራ መሆን አለበት። በርኅራኄ ተነሥቶ ሠራተኛውን በር አጠገብ ካለ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ደመወዙን ምጽዋት ያደርገዋል፤ የመጀመሪያው ክፉ የንግድ ዓመት ሲመጣም ያ ወንበር ከሁሉ በፊት ይነሣል።

በመጋዘኑ ውስጥ የሚደረገው ማስተካከያ ወጪው ጥቂት ነው። መተላለፊያው ተለይቶ ይታወቃል፤ በእርሱ ላይ ለአንድ ሰዓት እንኳ ካርቶን አይቀመጥም። የደረጃዎቹ ጠርዝ ቢጫ ቀለም ይቀባል። የግላኮማ ዓይን ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ ለመለማመድ ከሌላው ሰው ይበልጥ ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ በጭነት መግቢያው በር አጠገብ ጠንካራ መብራት ይሰቀላል። ሠራተኛውም ከመራመዱ በፊት ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሮ መቃኘትን ልማድ ማድረግ አለበት። ይህ ሁሉ ለሌሎቹ ሠራተኞችም ይጠቅማል፤ ካርቶን የሚያደናቅፈው ግላኮማ ያለበትን ብቻ አይደለምና።

ከሁሉ የሚከብደው በጆሮ ማንበብን መማር ነው። በኮምፒዩተር ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነርሱ አንዱ NVDA የሚባለው ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ አማርኛ የሚያነብ ድምፅም አለው። በብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ TalkBack የሚባለው አስቀድሞ ተጭኖ ይገኛል። ፕሮግራሙን ማግኘት ቀላል ነው፤ መልመዱ ግን ወራት ይፈጃል። ተጠቃሚው ማውሱን ትቶ ሁሉንም በቁልፍ ማዘዝ አለበት፤ የቁልፎቹም ቦታ በጣቱ መታወቅ አለበት። ይህን ዓይኑ እያየ የሚማር ሰው ሲሳሳት ስክሪኑን አይቶ ራሱን ያርማል፤ ዓይኑ ካለቀ በኋላ የሚጀምረው ግን ሁለቱን ነገር በአንድነት፣ ያውም በኀዘን ላይ ሆኖ ይማራል። በምሳሌው ያለው ሠራተኛ በየቀኑ ከሥራ ሰዓቱ ሠላሳ ደቂቃ ተሰጥቶት፣ በመጀመሪያ የራሱን ቢን ካርድ በኤክሴል እየከፈተ ስክሪኑን ሸፍኖ ቢለማመድ፣ ዕቅዱ በሚጠይቀው ጊዜ ዝግጁ ይሆናል።

የዚህ መሣሪያ ወሰንም መታወቅ አለበት። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ አያነብም። ማኅተም የተመታበት ሰነድ በስካነር ተነሥቶ በፎቶግራፍ መልክ ሲላክ ፕሮግራሙ ዝም ይላል። የአማርኛው ድምፅ ይሰማል እንጂ እንደ እንግሊዝኛው የጠራ አይደለም። በኤክሴል ላይ ሁለት ሦስት ሳጥኖች ለጌጥ ተዋሕደው ከተሠሩ ሰሚው የትኛው ቁጥር በየትኛው ርእስ ሥር እንደሆነ ይጠፋበታል። አንዳንድ የሒሳብ ፕሮግራሞች ጭራሽ አይነበቡም፤ ስለሆነም ድርጅቱ አዲስ ፕሮግራም ከመግዛቱ በፊት ሠራተኛው ከሻጩ ፊት ተቀምጦ በንባብ ፕሮግራሙ ይሞክረው። ከተገዛ በኋላ መሞከር ያለጥቅም ገንዘብ ማውጣት ነው። ፊርማና ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቁትን ጉዳዮች ግን ሁለተኛ ሰው እንዲያመሳክር ማድረግ ለሠራተኛውም ለድርጅቱም ዋስትና ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ምን ይላል? የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራውን መሣሪያ፣ የሥራውን ሰዓትና የሥራውን ቦታ ለሠራተኛው በሚስማማ ሁኔታ እንዲያመቻች ያዝዛል። አሠሪው ከአቅሙ በላይ ሸክም ሆነብኝ ሊል ይችላል፤ ሆኖም ሸክሙ የሚመዘነው በማስተካከያው ወጪ፣ በድርጅቱ ስፋትና በሠራተኞቹ ቁጥር ነው። ቢጫ ቀለም፣ አንድ መብራትና ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ከአቅም በላይ ናቸው ብሎ ለመከራከር ይከብዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር እንዳይበልጥ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወሮች በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩትን ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ይሰጣል። ይህ ሕመሙ መጥቶ ለሚሄድ ሰው የተሠራ ነው፤ ለግላኮማ በሽተኛ የሚጠቅመው ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ነው። ከቀዶው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሣት፣ ማጎንበስና አቧራ የተከለከሉ ናቸው፤ ይህም የመጋዘን ሥራ ማለት ነው። ፈሳሹን ለማስወጣት ቀዳዳ የተከፈተለት ዓይን ከዓመታት በኋላም ቢሆን ቀልቶ ካመመ ወይም ፈሳሽ ካወጣ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ «እስከ ቅዳሜ ልጠብቅ» ያለ ሰው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

የሥራ መደቡ ሲለወጥ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። የትኛው ሥራ ለረዳቱ እንደተላለፈ፣ የትኛው እንደቀረ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነና ጉዳዩ እንደገና የሚታይበት ቀን ይጻፍበት። በቃል የተደረገ ስምምነት ሥራ አስኪያጁ በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል፤ አሮጌው ጌታ የፈቀደውን ልጁ ሳያውቀው፣ ሠራተኛው ሥራውን ቸል ያለ ተብሎ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ድርጅት አለ።

ዕቅዱን ሁሉ የሚያበላሸው ግን መደበቅ ነው። ሠራተኛው እንዳይባረር ፈርቶ ይሸሽጋል፤ የሚታየውን ስሕተት በመብራቱ፣ በረዳቱ፣ በድካም ያመካኛል። በዚህ መካከል ዕቃ ይጎድላል፤ ጉድለቱም የሌብነት ይመስላል። አሠሪው ሠራተኛውን ወደ ዓይን ሐኪም መላክ የሚገባው ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በፊት ነው። ምርመራው የአንድ ጧት ጉዳይ ነው፤ የአንድ የመጋዘን ጉድለት ማጣራት ግን ሳምንታት ይፈጃል። የሠራተኛው ወንድምና እኅትም ዕድሜያቸው 40 ካለፈ መመርመር ይኖርባቸዋል፤ በሽታው በሥጋ ዘመድ ዘንድ አብዝቶ ይገኛልና።

በምሳሌው ላለው ሠራተኛ የሚጻፈው ስምምነት እንግዲህ ይህን ይመስላል። በ43 ዓመቱ መንዳትና መሰላል ያቆማል፤ መዝገቡን ይዞ የስልክ ክትትሉን በቀን ለሁለት ሰዓት ይጀምራል፤ በጆሮ ማንበብን ይለማመዳል። በየስድስት ወሩ ይመረመራል፤ ወረቀቱም ከቀድሞዎቹ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጣል። በ45 ዓመቱ አራት አዳዲስ ውጤቶች ሲገኙ አሠሪውና እርሱ ፋይሉን ከፍተው ይቀመጣሉ። ቁጥሩ 9 አካባቢ ከቆመ የመዝገቡ ሥራ ሳይነካ ይቀጥላል፤ 10 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የመጋዘኑ ቁልፍ ለረዳቱ ተላልፎ፣ እርሱ የትእዛዝና የዱቤ ክትትል ክፍሉን ጠቅልሎ እንዲይዝ ረዳቱን ማሠልጠን ከዚያው ሳምንት ይጀመራል።